ኮታውን እኩል አካፍዬ ሁለት ሻጮች ግማሽ ላይ ቀሩ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

አዲሷ ሱፐርቫይዘር (ጠያቂ)፦ ከሻጭነት ወደ ቡድን መሪነት ካደግኩ ገና አራት ወር አልሞላኝም። አምስት ሻጮች አሉኝ፤ የምንሸጠው ለድርጅቶች ነው። ለሩብ ዓመቱ 60 ውል አምጡ ተባልን። እኔም ለእያንዳንዳቸው 12፣ 12 አካፈልኩ። ውጤቱ 19፣ 14፣ 11፣ 6 እና 5 ሆነ። 6 ያመጣው ልጅ ቢሮ ቁጭ ብሎ አይታይም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ነው የሚውለው። 5 ያመጣችው ዝምተኛ ናት። አለቃዬ «ሁለቱን በጽሑፍ አስጠንቅቂ» ይለኛል። ኮታው ነው ወይስ እነሱ?

ቀጥተኛው፦ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው ባለፈው ጊዜ የሸጡትን ውሰጂ፤ 10 በመቶ ጨምሪበትና ለየራሳቸው ስጪ። ሁሉም በአቅሙ ይሮጣል።

የድሮ ሻጭ፦ ለሁሉም አንድ ቁጥር አይሰጥም ያልከው ልክ ነው። የቀረው ግን አደገኛ ነው። እኔ እንደዚያ ያለ መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። ኮታዬ ሲሞላ ለመፈረም የተዘጋጁትን ደንበኞች «እስቲ ሁለት ሳምንት እንቆይ» እላቸው ነበር። ምክንያቱም ዛሬ ትርፍ ብሸጥ ነገ የሚጫነው በኔው ትከሻ ነው። ሰነፍ የተባለው ባልደረባዬ ግን ትንሽ ሸጦ ትንሽ ኮታ ይወስዳል። ማን ነው ሞኙ?

እህቴ፣ ከመፍረድሽ በፊት ለእያንዳንዱ ሻጭ ሦስት ቁጥር አውጪ። ስንት የመጀመሪያ ቀጠሮ ያዘ? ከዚያ ውስጥ ለስንቱ ዋጋ አቀረበ? ስንቱ ፈረመ? በተጨማሪ በእጁ ያለው ዝርዝር ውስጥ በእውነት ሊገዙ የሚችሉ ስንት ድርጅቶች አሉ? የ19ኙንም ለይተሽ እዪው፤ ስንቱ የነባር ደንበኛ ውል እድሳት ነው?

ምርር ያለው፦ ኮሚሽን ሳይስተካከል ኮታ ብታስተካክሉ ምን ዋጋ አለው? የኛ ድርጅት ኮሚሽን ለመክፈል ሦስት ወር ያቆየናል። መጀመሪያ እሱን ንገሪያቸው።

አዲሷ ሱፐርቫይዘር፦ ስለ ኮሚሽኑ ሌላ ጊዜ እንነጋገር፣ ወንድሜ፤ እኛ ጋ በወቅቱ ይከፈላል።

የጠየቁኝን ከኤክሴሉ አወጣሁት። የ19ኙ ሰውዬ 9ኙ እድሳት ናቸው። እውነቱን ልናገርና እኔ ሳድግ የለቀቅኩለት ደንበኞች ናቸው። የሚሮጠው ልጅ 40 ቀጠሮ፣ 9 የዋጋ ማቅረቢያ፣ 6 ውል። ዝምተኛዋ 14 ቀጠሮ፣ 8 ማቅረቢያ፣ 5 ውል። የሌሎቹ አዲስ ሽያጭ ሲታይ ከሁለት ቀጠሮ አንዱ ወደ ዋጋ ይደርሳል፤ ከሦስት ማቅረቢያም ሁለቱ ይፈረማል። በየዝርዝሩ ሊገዙ የሚችሉት ድርጅቶች፦ ባለ 19ኙ 80፣ ባለ 14ቷ 60፣ ባለ 11ዱ 40፣ የሚሮጠው 50፣ ዝምተኛዋ 30።

የድሮ ሻጭ፦ አየሽ፣ ሁለቱ ደካሞች አንድ ዓይነት ሰው አይደሉም።

ከልጁ እንጀምር። ዋጋ ካቀረበ በኋላ እንደማንም ይሸጣል፤ ከ9 ስድስት። የሚጠፋበት ከዚያ በፊት ነው። ከ40 ቀጠሮ ለ20 ያህሉ ዋጋ ማቅረብ ሲገባው ለ9 ብቻ አቀረበ። ብዙ ጊዜ የዚህ ምክንያት የሚያገኛቸው ሰዎች ናቸው። በደስታ ያነጋግሩታል፣ ሻይ ይጋብዙታል፣ ግን የመወሰን ሥልጣን የላቸውም። ሦስት ቀጠሮ ላይ አብረሽው ሂጂ፤ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ከወጣችሁ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂው፦ «እዚህ ቤት የሚፈርመው ማን ነው? ባይገዙን ምን ይጎድልባቸዋል?» መልሱን ካላወቀ ችግሩን አገኘሽው። ቀጠሮ ሲይዝ በስልክ «ከእርስዎ ሌላ በዚህ ጉዳይ ማን ይወስናል?» ብሎ ይጠይቅ። «ተጨማሪ ሩጥ» ብትዪው 60 ቀጠሮ ይዞ ያው ይሆናል።

ልጅቷን ግን መሸጥ አታስተምሪያት። መሸጥ ትችላለች። የጎደላት ቀጠሮ ነው። ወይ ዝርዝሩ ጠቧታል፣ ወይ ሰዓቷን ሌላ ነገር እየበላው ነው። የሁለት ሳምንት የቀን ውሎዋን አብራችሁ እዩት። ደግሞ 14 ቀጠሮ ትንሽ ቁጥር ነው፤ አንድ ጥሩ ሳምንት ይገለብጠዋል። ያለፈውን ሩብ ዓመትም አመሳክሪ።

ሰብለ፦ አብሮ መሄዱ ላይ ልጨምር። የኔ ማናጀር ቀጠሮ ላይ ይገባና ራሱ ይሸጥልኝ ነበር። ጎበዝ ሻጭ ስለነበር አያስችለውም። እኔም ወረቀት አቀባይ ሆንኩ። እሱ ሲቀየር ለሁለት ወር ምንም አልሸጥኩም። እባክሽ አፍሽን ያዢ፤ ሽያጩ ዓይንሽ እያየ ቢያመልጥም።

አዲሷ ሱፐርቫይዘር፦ ይሄ ስለ እኔ ነው የተጻፈው! ባለፈው ሳምንት እንዲሁ አድርጌያለሁ። ኮታውንስ እንዴት ላውጣ?

የድሮ ሻጭ፦ እድሳትን ከአዲስ ሽያጭ ለዪ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ስንት ውል ያልቃል? 10 ቢሆንና 8ቱ ያድሳሉ ብትዪ፣ ከ60ው 52 አዲስ ይቀርሻል። እድሳቱ ለያዘው ሰው የራሱ ቁጥር ይኑረው። አምስቱ ዝርዝሮች በድምሩ 260 ድርጅት ናቸው፤ ስለዚህ በየአምስት ድርጅቱ አንድ ውል ማለት ነው። በቀጥታ ብታሰዪው ባለ 80ው 16፣ ባለ 30ዋ 6 ይደርሳቸዋል። ግን አንድ ሰው በሩብ ዓመት 80 ድርጅት አዳርሶ አይጨርስም። ቁጥሩን ከመጨመር ዝርዝሩን አካፍዪ። እሱ ለወራት ያልነካቸውን 20 ድርጅቶች ለዝምተኛዋ ስጪ። ያኔ 12፣ 12፣ 8፣ 10፣ 10 ይሆናል። ማኩረፉ አይቀርም። ያልነካቸው መሆናቸውን በመዝገብ ካሳየሽው ግን የሚከራከርበት ያጣል።

ቀጥተኛው፦ ቆይ፣ 11 የሸጠው ሰው 8 ሊሰጠው? በአንድ ወር ሞልቶ ይተኛል!

የድሮ ሻጭ፦ እዚህ ላይ አሸነፍከኝ። ስሌቱ መነሻ ነው፤ እኔ 10 እሰጠዋለሁ። ድምሩ 54 ይሆናል፣ ከ52 ሁለት ይበልጣል። እህቴ፣ ይህች ትርፍ አንድ ሰው ቢታመም ወይም ቢለቅ ታስፈልግሻለች። ለሰውዬው ግን ለምን 10 እንደሆነ ንገሪው፤ ሌሎቹ በዝርዝር ብዛት ተሰልተው እሱ ብቻ በችሎታው ተጨመረበት ማለት ነውና።

ሰብለ፦ ያ ደግሞ መልሶ ጎበዙን መቅጣት አይደለም? እኔ 8 እተውለትና ከ8 በላይ ላመጣው ከፍ ያለ ኮሚሽን እጠይቅለታለሁ።

የድሮ ሻጭ፦ አለቃዋ ከፈቀደ ያንቺ ይሻላል። ብዙ ጊዜ አይፈቅዱም።

አዲሷ ሱፐርቫይዘር፦ የዝምተኛዋን ውሎ አየን። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል የነባር ደንበኞችን ቅሬታ ስትፈታ ነው የምታሳልፈው። ደንበኞቹ ደግሞ የሷ አይደሉም፤ የባለ 19ኙ ናቸው! ስልክ ስለምታነሳ ብቻ ወደሷ ይደውላሉ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ እሱ እንዲዞሩ አድርጌያለሁ። ማስጠንቀቂያውን ለአለቃዬ በነዚህ ቁጥሮች አስረድቼ ለአንድ ሩብ ዓመት አስተላለፍኩት። ያልፈታሁት አንድ ነገር ነው፤ ያለፈው ኮታዋ ትክክል ካልነበረ የቀረባት ኮሚሽን ይካካስላት ይሆን?

ቀጥተኛው፦ ያለፈ አልፏል። አንዴ ወደኋላ ከከፈልሽ አምስቱም ተሰልፈው ይመጣሉ።

ሰብለ፦ ሁለት ሰዓት የሌላ ሰው ሥራ ሠርታ? እኔ ብሆን ቢያንስ ከሱ የእድሳት ኮሚሽን ላይ እንዲካፈል እጠይቅ ነበር።