ፓይተን ልጀምር ወይስ ጃቫስክሪፕት?

የሌሊት ፈረቃ፣ አሌክሳንድሪያ
ሰላም ለሁላችሁ። 41 ዓመቴ ነው። ሌሊት ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ለጥናት የማገኘው በሳምንት 8 ሰዓት ነው። አንዱ ጓደኛዬ ፓይተን ይለኛል፣ ሌላው ጃቫስክሪፕት። አንዱን ጀምሬ ወደ ሌላው ስዘል ስድስት ወር አለፈኝ። የሥራ ቦታው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ምንም መጫን አይፈቀድም። የቱን ልያዝ?

ትርሲት
ወንድሜ፣ ጃቫን ተወው። ኮሌጅ ወስጄው ሴሚስተሩን ሙሉ ሳለቅስ ነው የጨረስኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ትርሲትዬ፣ ጃቫ ሌላ፣ ጃቫስክሪፕት ሌላ። ስማቸው ስለተመሳሰለ አንድ አይደሉም። ወንድሜ፣ ፓይተን ያዝ። ስትሳሳት ይነግርሃል። ይህን ጻፍና 45 አስገባ፦

```
tip = input("Tip: ")
print(tip + 10)
```

`TypeError` ብሎ ይቆማል። ጃቫስክሪፕት ግን ስህተቱን ውጦ 4510 ይልሃል።

ጋሽ ሰለሞን
ግማሹ ልክ ነው። ሰው የሚያስገባው ነገር በሁለቱም ቋንቋ የሚመጣው እንደ ጽሑፍ ነው። ፓይተን የሚቆመው ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ስትደምር ነው። ሁለት ቲፕ ተቀብለህ 45ን ከ15 ጋር ብትደምር እሱም ዝም ብሎ 4515 ይልሃል። `int(tip)` ማለት ያለብህ አንተ ነህ። ጃቫስክሪፕት ላይ `Number(tip)` ነው። በዚህ ምክንያት ቋንቋ አይመረጥም ልጄ።

ምን ልትሠራ ነው? ዌብሳይት ከሆነ፣ ገጹ ላይ ስትነካው የሚከፈተውንና የሚለወጠውን አብዛኛውን ነገር የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት ነው። በፓይተን ብትጀምርም እሱን መማርህ አይቀርም። ሃሳብህ የቢሮ ሥራ፣ የኤክሴል ፋይል፣ ሪፖርት ከሆነ ፓይተን ይሻልሃል። ለመሞከር ግን የሚጫን ነገር አያስፈልግህም። ክሮም ላይ F12 ተጫንና Console ውስጥ ጻፍ፦

```
prompt("Tip 1") + prompt("Tip 2")
```

ሀና
እኔ የቋንቋው ነገር አይደለም የገረመኝ፣ 8 ሰዓቱ ነው። ባለፈው ዓመት ፓይተን ጀምሬ ሉፕ ላይ ደርሼ ነበር። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ጨመረብን ብሎ ደወለ። ቅዳሜና እሁድን ለሥራ ሰጠሁ። ደብተሬ እዚያው ገጽ ላይ እንደቆመ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሀናዬ፣ ለስድስት ወር ቀንሼ እልካለሁ ማለት ነበረብሽ። ስትለወጪ እነሱም ይጠቀማሉ።

ሀና
እናቴ የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች። የቱን ወር ነው የምቀንሰው?

ትርሲት
እውነቷን ነው። ያላየው ሰው ይፈርዳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
መፍረዴ አይደለም። እኔም በየወሩ እልካለሁ። ግን እድሜ ልክ እንዲህ ልንኖር ነው?

የሌሊት ፈረቃ፣ አሌክሳንድሪያ
ጋሼ፣ ትናንት ሌሊት ሞከርኩት። እንዳሉት 4515 አለኝ። ሁለቱንም `prompt` በ`Number` ሳቅፋቸው 60 ሆነ። እኔ የምመኘው የቢሮ ሥራ ነው፣ በእጄ ያለው ግን ይሄ F12 ብቻ ነው። በዚሁ ትንሽ ልግፋ ወይስ ለፓይተን ላፕቶፕ እስክገዛ ልጠብቅ?