መኪናዬ ወደ ግራ እየሳበኝ ነው፣ ሞጆ ላይ ቆሜአለሁ

የ22ቱ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ በጣም አስቸኳይ ነው። መኪናዬ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ ግራ ይስባል። መሪውን ለቀቅ ሳደርገው መስመር ይስታል። ትናንት እኮ ነው አላይመንት ያሠራሁት! አሁን ሞጆ መውጫ ላይ ዳር ይዤ ቆሜአለሁ። ወደ ሐዋሳ ነው የምሄደው፣ ልጆችም ይዣለሁ። ልቀጥል ወይስ ልመለስ?

ሳሚ፦ ደረቅ ወደቡ ነው የሳበህ። ያልተቀረጠ ዕቃ ጭነህ ይሆናል ሃሃሃ

ቤቲ ኮሮላ፦ ንፋስ ነው። ጎሚስታ ገብተህ አስለካው። እኔም እንዲሁ ሲስበኝ ከርሞ የግራ ፊት ጎማዬ ሚስማር ይዞ ተገኘ። መኪና ንፋሱ ወደ ጎደለው ጎማ ነው የሚሄደው። አስሞላሁት፣ በቃ፣ ተስተካከለ።

አያ ጎዳና፦ መኪናህ ምንም አልሆነም። መንገድ ሲሠራ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ ዳር ያዘነብላል። መሪ ከለቀቅክ ማንኛውም መኪና ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። መጀመሪያ ነገር፣ በፈጣን መንገድ ላይ መሪ መልቀቅ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?

መሐንዲሱ፦ እዚህ ላይ መታየት ያለበት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ ሞጆ ሲወረድ ከፍታው 500 ሜትር ያህል ይቀንሳል። የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር የጎማው ንፋስ በመለኪያ ሲታይ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁለተኛውና ዋናው ግን አላይመንቱ ነው። ትናንት ተሠርቶ ዛሬ ከሳበ በትክክል አልተሠራም ማለት ነው። ፊት ለፊት ሁለቱ ጎማዎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ገርበብ ካሉ መኪና ይስባል። ተመለስና ሰዎቹን ያዛቸው፣ ብርህንም አስመልስ።

ጋሽ ሙሌ፦ ልጄ፣ የማንንም ብር ከማስመለስህ በፊት ጥቂት ነገር ንገረኝ። መኪናው ምንድን ነው? ከአዲስ አበባ ስትወጣ ጀምሮ ነው የሳበህ ወይስ ከነዳህ በኋላ ነው የመጣው? ፍሬን ስትይዝስ ይለወጣል? ደግሞ ውረድና በየቸርኬው አጠገብ መዳፍህን አስጠጋ። ብረቱን እንዳትነካ፣ ሙቀቱን ብቻ አወዳድር።

መሐንዲሱ፣ የከፍታው ነገር እውነት ነው፤ ግን አራቱም ጎማ እኩል ነው የሚቀንሰው። እኩል የቀነሰ ነገር ወደ አንድ ጎን አይስብም። አያ ጎዳና፣ አንተም የተናገርከው አለ፣ ነገር ግን የእኛ መንገድ የሚያዘነብለው ወደ ቀኝ ዳር ነው። ወደ ቀኝ በትንሹ መሄድ ያለ ነው። ይሄ ልጅ የሚሄደው ወደ ግራ ነው፣ ዳገቱን እየወጣ ማለት ነው።

የ22ቱ ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቪትዝ ናት፣ 2003 ሞዴል። ቱሉ ዲምቱ ስገባ ደህና ነበረች፣ ምንም አልሳበችም። ቢሾፍቱን ካለፍኩ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የጀመራት፣ እየባሰ መጣ። ጉልበትም ያነሳት መሰለኝ። የግራ ፊት ቸርኬ እጅ አያስጠጋም! የቀኙ ለብ ነው ያለው። የተቃጠለ ነገርም ይሸታል፣ ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና መስሎኝ ነበር።

ቤቲ ኮሮላ፦ ንፋስ የጎደለው ጎማም እኮ ይሞቃል። ንፋሱን ለካኸው?

የዲሲው ሹፌር፦ ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ዋሽንግተን ታክሲ ስሠራ ይሄ ነገር ብዙ አስቸግሮኝ ነበር። አዲስ ጎማ አስገብቼ ወደ ቀኝ ሳበኝ። አላይመንት አሠራሁ፣ ያው። በመጨረሻ አንድ የኛ ልጅ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያየራቸው። ወዲያው ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። ጎማው ራሱ ሲሠራ ጠማማ ኖሮ ነው፣ በዓይን ምንም አይታይም። ጎማህን አቀያይርና እይ። ጎማው ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለው ግን አታቀያይር፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከር ነው።

ሳሚ፦ ውሃ ድፋበት ይቀዘቅዛል

ጋሽ ሙሌ፦ ውሃ እንዳይነካው! የጋለ ዲስክ ውሃ ሲደፋበት ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሳሚ ቀልዱን ቀጥል፣ ምክሩን ተወው።

የዲሲው ሹፌር ያለው ትክክለኛ ምርመራ ነው፣ ግን ለሌላ በሽታ። ጎማ ጠማማ ከሆነ ወይም አላይመንት ከተዛባ ከቤትህ በር ጀምሮ ነው የሚስብህ፣ እስክትገባም አይለወጥም። ሲነዳ እየባሰ የሚሄድ፣ አንድ ቸርኬ ብቻ የሚያግል፣ የሚሸት፣ ጉልበት የሚበላ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው። የግራ ፊት ካሊፐርህ ዲስኩን እንደጨበጠ ነው እየነዳህ ያለኸው። ሲግል ውስጡ ያለው ዘይት ይሰፋል፣ ሲሰፋ ጭበጣው ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ለዚህ ነው ቀስ በቀስ የባሰብህ።

አላይመንት ቤቱም ላይሳሳት ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ትናንሽ መኪኖች ፊት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከለው የጎማዎቹ መግጠምና መራቅ ብቻ ነው። እሱ ሲዛባ መሪው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ጎማም ይበላል፤ ብቻውን ግን መኪናን እንዲህ ጎትቶ መስመር አያስወጣም።

አሁን የምታደርገው ይሄ ነው። ሞጆ ውስጥ ክሪክ ያለው ጎሚስታ ጋ በቀስታ ግባ፣ ቅርብ ካልሆነ ሰው ጥራ። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የግራውን ፊት አንሡና ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ርገጥና ልቀቀው። ጎማውን በእጅ አዙሩት። አልዞር ካለ ከካሊፐሩ ጀርባ አናት ላይ አየር ማውጫዋን ቡሎን ታገኛላችሁ፣ በ8 ወይም በ10 ቁጥር ቁልፍ ትፈታለች። በፒንሳ አትያዟት፣ ከተበላች ሌላ ጣጣ ነው። ሩብ ዙር ያህል ላላ አድርጓት። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከዞረ አንድ ነገር ነው። ዘይቱ ወጥቶም ጎማው እንደተያዘ ከቀረ ሌላ ነው። ያየኸውን ጻፍልኝ። ቡሎኗን መልሳችሁ ማጥበቅ እንዳትረሱ፣ ዘይቱም ዓይን ውስጥ እንዳይገባ።

አያ ጎዳና፦ ሰውየው ልጆች ይዞ መንገድ ላይ ነው፣ እናንተ ጋራዥ ከፈታችሁለት። ቀስ ብሎ በ40 ቢነዳ ሐዋሳ ይገባል።

ጋሽ ሙሌ፦ በ40ም በ20ም አይገባም። የፍሬን ዘይት ከፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጠው ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እስካሁን የተጨነቅከው መኪናው ያዘኝ ብለህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የማይይዝ ይሆናል። ልጆቹን በሚኒባስ ላካቸው።

የ22ቱ ልጅ፦ ጎሚስታ ገብቼአለሁ፣ ልጁ ጎበዝ ነው። እንዳልከው አደረግን። ከቀዘቀዘ በኋላ ጎማው ትንሽ ይዞር ነበር። ፔዳሉን ረግጬ ስለቅ ግን ክርር ብሎ ቀረ፣ ሁለታችንም ታግለን አልዞረም። ቡሎኗን ሲያላላ ዘይቱ ተፈናጥሮ ወጣና ጎማው ወዲያው ተለቀቀ! ልጁ ካሊፐር ይቀየር እያለኝ ነው። ያገለገለ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ ይላል።

ጋሽ ሙሌ፦ ካሊፐር አትግዛ፣ ገና ነው። ፒስተኑ ዝጎ ቢሆን ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ቢሆን ዘይቱ ወጥቶም ዲስኩን እንደነከሰ ይቀር ነበር። ያንተ የታፈነ ግፊት ነበር፣ መውጫ ሲያገኝ ለቀቀ። እኔ የምጠረጥረው ወደ ካሊፐሩ የሚገባውን የላስቲክ ቱቦ ነው። ከውጭ ስታየው ደህና ነው፣ ውስጡ ግን አብጦ ወይም ተላጦ ቀዳዳውን ዘግቶታል። እግርህ ብርቱ ስለሆነ ዘይቱን ገፍቶ ያስገባዋል። መመለሻው ላይ የሚገፋው የለም፣ እዚያው ይቀራል። 20 ዓመት ያለፈው መኪና ቱቦው ተቀይሮ ካላወቀ ይሄ አይገርምም። ሁለቱንም የፊት ቱቦ አብረህ ቀይር፣ የቀኙም እኩያው ነው። ከዚያ አየሩ በደንብ ይውጣለት። ሸራውንም አውጥተው ይዩት፣ እንዲህ የጋለ ሸራ አንዳንዴ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ያብለጨለጨ አይይዝም፣ ይቀየር።

መሐንዲሱ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ግፊት ታፍኖ ከነበረ ከቱቦው በላይ ማስተሩም ሊሆን ይችላል። መመለሻው ከተደፈነ እሱም ዘይት አይመልስም።

ቤቲ ኮሮላ፦ ማስተር ከሆነማ የቀኙም ይይዝ ነበር፣ የቀኙ ለብ ነው ብሏል እኮ

መሐንዲሱ፦ የግድ አይደለም። በፊት ጎማ የሚነዱ ብዙ መኪኖች ፍሬናቸው በሰያፍ የተከፈለ ነው። የግራ ፊት ከቀኝ ኋላ ጋር በአንድ መስመር ነው። አንዱ መስመር ብቻ ቢታፈን የቀኝ ፊቱን አይነካውም። የኋላ ቀኙን ለካኸው?

ጋሽ ሙሌ፦ ይሄን ልክ ብለሃል፣ የኋላ ቀኙን አልጠየቅኩትም። የሚለየው ቀላል ነው። እንደገና ፔዳሉን ይርገጥና ጎማው ሲያዝ የታችኛዋን ቡሎን ሳይሆን ከቱቦው በላይ ያለውን፣ የብረት ቧንቧው ከላስቲኩ ጋር የሚገናኝበትን ማሰሪያ ላላ ያድርግ። ጎማው ከተለቀቀ ችግሩ ከላይ ነው፣ አንተ አሸነፍክ። ካልተለቀቀ ቱቦው ነው። ማሰሪያው የዛገ ከሆነ ግን ቧንቧውን ይጠመዝዘዋል፣ ስለዚህ ይሄን ጎሚስታ አይሥራው። እስከ አዳማ ወይም አዲስ አበባ አስጭኖ የፍሬን ባለሙያ ያሳየው። የ22ቱ ልጅ፣ ሰማኸኝ?

የዲሲው ሹፌር፦ ማስጫኛ ሞጆ ስንት ነው አሁን?

ሳሚ፦ ከሐዋሳ ዓሣ ይወደዳል

ቤቲ ኮሮላ፦ የ22ቱ ልጅ ምን ደረስክ? ልጆቹስ ገቡ?

ቤቲ ኮሮላ፦ ዝም አለ። ጋሽ ሙሌ እስከዚያ የኔን ልጠይቅዎት። ኮሮላዬ ስትሄድ ቀጥ ብላ ነው፣ ምንም አትስብም። ፍሬን ስይዝ ብቻ ወደ ቀኝ ትዘላለች። የቀኝ ፊት ካሊፐር ነው አይደል? ሊቀይሩልኝ ነው ነገ።

ጋሽ ሙሌ፦ ቆይ የኔ ልጅ፣ አትቀይሪ። ሲረገጥ ብቻ ወደ ቀኝ ከሄደች የቀኙ ሥራውን እየሠራ ነው፣ የሰነፈው የግራው ነው። የግራ ፊቱን ይፍቱና ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ በእጅ ሲገፉት ወዲያ ወዲህ ይንሸራተት እንደሆን ይዩ። ከደረቁ ዝገቱ ተጠርጎ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ቅባት ተቀብቶ ይመለሳል። ተራ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ እሱን እንዳይቀቡብሽ። ሸራው ላይም ዘይት ነክቶት እንደሆን ይታይ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ግን ከታች ያሉት ቦኮላዎች ልፍስፍስ ብለው ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ እየተሳበ ሊሆን ይችላል። ያንን ሳያዩ መናገር ይከብዳል።