«ሞቶሪክ» ምን ዓይነት ምት ነው?

ዜማ ፈላጊ፦ ሰላም ቤቶች። ስለ 1970ዎቹ የጀርመን ሮክ ሳነብ «ሞቶሪክ ቢት» የምትል ቃል አሁንም አሁንም ትመጣብኛለች። ድኅረ ፓንክም ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃም ከእሷ ተበድረዋል ይላሉ። መዝገበ ቃላት ባይ ከሙዚቃ ጋር የሚገናኝ ነገር አጣሁ። የሚያውቅ አለ?

የፍራንክፈርቷ፦ ይቺንማ እኔን ጠይቁኝ! የልጄ መዋዕለ ሕፃናት በየስብሰባው «ፋይንሞቶሪክ» እያሉ ያደነቁሩኛል። መቀስ አያያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ነው። መሮጥና መዝለሉ ደግሞ «ግሮብሞቶሪክ» ይባላል። ስለ ልጅህ ብለውህ ከሆነ አትደንግጥ፣ ቀስ እያለ ይመጣል።

ዜማ ፈላጊ፦ ኧረ እኔ ልጅም የለኝ! ስለ ሙዚቃው ነው።

ባለ ሲንት፦ ቀላል ነው። ከ«ሞተር» የመጣ ነው። ክራፍትቨርክ በ1974 «አውቶባን»ን ሲሠሩ ያመጡት የድራም ማሽን ምት ነው። ባስ ድራሙ አራቱንም ምት ዱም ዱም ዱም ዱም ይላል። ቴክኖ በለው፣ አለቀ።

ድራመሩ፦ ባለ ሲንት፣ ግማሹን አግኝተኸዋል። ዘመኑ ይቀራረባል፣ ምቱ ግን ሌላ ነው። ማሽንም አልነበረበትም፤ የሚመታው ሰው ነው። ክላውስ ዲንገር ይባላል። እሱና ጊታሪስቱ ሚካኤል ሮተር ክራፍትቨርክ ውስጥ ነበሩ። በ1971 ወጥተው እዚያው የክራፍትቨርክ ከተማ ዱሰልዶርፍ «ኖይ!» የሚባለውን ባንድ መሠረቱ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1972 ወጣ። መክፈቻው «ሃሎጋሎ» 10 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ድራሙ ከዳር እስከ ዳር ያው ነው።

አሁን ጠረጴዛህን እየመታህ ቁጠር፦ አንድ-እና፣ ሁለት-እና፣ ሦስት-እና፣ አራት-እና። ቀኝ እጅህ ስምንቱንም ሃይሃት በሚባለው ጥንድ ጸናጽል ላይ እኩል ይመታል። ስኔሩ፣ ያ ጠንከር ብሎ የሚጮኸው ትንሹ ድራም፣ ሁለትና አራት ላይ ነው። ባስ ድራሙ አንድ ላይና «እና»ው ላይ ይገባል፣ ሁለትን ለስኔሩ ይተውለታል፣ ከዚያ የሁለትን «እና» ይዞ ይቀጥላል። ሦስት ላይም እንደዚሁ። የዲስኮና የቴክኖ ባስ ድራም ግን ሁለትንም አራትንም አይለቅም። ልዩነታቸውን በዚህ ትለያለህ።

ግን ይህን ምት የትም ሮክ ባንድ ውስጥ ታገኘዋለህ። ሞቶሪክ የሚያደርገው ያልተደረገው ነው። ድራመር ወደ አዝማች ሲገባ ቶም ቶሞቹን ያንከባልላል፣ ዲንገር ያንን ትቶታል። አዝማችም የለም። ለውጡ ከላይ ነው፤ የሮተር ጊታር ይገባል፣ ይወጣል፣ ይደራረባል። በየስምንት ባሩ የሚያንከባልል ድራመር ከሰማህ፣ ምቱ ቢመስልም ሞቶሪክ አትበለው።

ስሙን የለጠፉት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ዲንገር ራሱ አይወደውም ነበር። «ረጅሙ ቀጥታ» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር፣ በኋላ ደግሞ «አፓቼ ቢት» ይለው ጀመር። እንደ ማሽን ነው ሲሉት ይከፋው ነበር።

የፍራንክፈርቷ፦ ይክፋው እንጂ! «ሞቶሪክ» እኮ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ነው፣ ስለ ማሽን አይደለም። ያው እጅና እግር ነው።

ድራመሩ፦ እውነትሽን ነው፣ እንደዚያ አስቤው አላውቅም። የእንግሊዝ ጋዜጦች ግን ሞተሩን ሳይሰሙበት አልቀሩም።

ባለ ሲንት፦ እሺ፣ በድራሙ ተረታሁ። ኤሌክትሮኒኩ ላይ ግን አልለቅም። የአፍሪካ ባምባታ ዘፈን «ፕላኔት ሮክ» በ1982 ከክራፍትቨርክ ነው የወሰደው፤ ዜማውን ከ«ትራንስ-ዩሮፕ ኤክስፕረስ»፣ ምቱን ከ«ነምበርስ»። ኖይ! የት አለ?

ድራመሩ፦ እዚያ ውስጥ በቀጥታ የለም፣ ልክ ነህ። ሰዎች ሁለቱን መስመር ያደባልቃሉ። የሁለቱም ሥር አንድ ከተማ ነው፤ ኖይ!ን የቀዳው ኮኒ ፕላንክ «አውቶባን» ላይም ሠርቷል። ኤሌክትሮኒኩ የወረሰው ሐሳቡን ይመስለኛል፦ ምቱ ይቁም፣ ድምፁ ይቀየር።

ድኅረ ፓንክ ላይ ግን እጅ በእጅ ነው። «ኖይ! 75»ን ሁለተኛውን ገጽ ስማ። ዲንገር ከድራሙ ተነስቶ ጊታር ይዞ ይጮሃል፤ ወንድሙ ቶማስና ሃንስ ላምፔ ሁለት ድራም ይመታሉ። «ሄሮ» ላይ ፓንክ ገና ስሙ ሳይሰማ ታገኘዋለህ። የጆይ ዲቪዥኑ ድራመር ስቲቨን ሞሪስ ኖይ!ንም ሌላውን የጀርመን ባንድ ካንንም እንደ ትምህርት ቤቱ ነው የሚጠራቸው። የእንግሊዙ ባንድ አልትራቮክስ ደግሞ በ1978 ፕላንክ ዘንድ ሄደው አልበም ቀዱ።

ዜማ ፈላጊ፦ የካኑ ድራመር ያኪ ሊበሳይትስ? የ1970ው «ማዘር ስካይ» ከኖይ! ይቀድማል። የመጀመሪያው ሞቶሪክ እሱ ነው የሚሉ አሉ።

ድራመሩ፦ አልስማማም። ያኪ ይሽከረከራል፣ ዲንገር ቀጥ ብሎ ይነዳል። የያኪ ምት ውስጥ ሁሌ ትንሽ ጭፈራ አለ።

ባለ ሲንት፦ 14 ደቂቃ ሙሉ ቀጥ ብሎ ነው የሚነዳው! ይህን ያልሰማ ጆሮ…

ድራመሩ፦ ባስ ድራሙን ብቻ ለይተህ ቁጠርና ተመለስ፣ ከዚያ እንጣላለን።