የወር ክፍያ ሰንጠረዥ ረቂቅ፦ ሐሳባችሁን ጨምሩበት

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው እንደተነጋገርነው ለየቤቱ የሚሆን የወር ክፍያ ሰንጠረዥ ለግቢያችን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን። ከውሃና ከመብራት ቢል፣ ከኪራይ ደረሰኝም ላይ ሦስት ነገር እንወስዳለን። ስንት ብር እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚከፈልና የየትኛው ጊዜ ሂሳብ እንደሆነ። ረቂቁን ዓርብ እጨርሳለሁ።

የ2ኛ ፎቅ ተከራይ፦ ይቅርታ እቴ፣ ማኅበሩ የኔን ኪራይ ለምን ማወቅ ፈለገ? አከራዬ እዚሁ ግቢ ነው ያለው።

ጸሐፊዋ፦ ኧረ ማኅበሩ አያየውም። የምንሰጠው ባዶውን ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ይሞላዋል።

የ4ኛ ፎቅ ወጣት፦ በእጅ ከመሙላት ቢሉን በስልክ ፎቶ አንስቶ ጽሑፉን ማውጣት ይቻላል። አማርኛም ያነባል፣ ሞክሬዋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ገንዘብ ያዡ፦ ቁጥሩንስ ያወጣልሃል ልጄ። የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ ግን አንተው ነህ የምታየው። የቤቴን የውሃ ቢል ልንገራችሁ። የመስከረሙን 186 ብር ሳንከፍል አለፈን። የጥቅምቱ ሲመጣ ከታች 398 ብር ይላል። ባለቤቴ መስከረም ላይ 186፣ ጥቅምት ላይ 398 ብላ መዘገበች። የሁለት ወር ውሃ 584 ብር ሆነ! ከፍ ብሎ ያለውን መስመር ሳየው የጥቅምት ፍጆታ 212 ብር ብቻ ነው። 186ቱ ያው የመስከረሙ ውዝፍ ነው። ትክክለኛው የሁለት ወር ወጪ 398 ነበር።

ስለዚህ የወሩ ሂሳብ፣ ውዝፍ፣ ቅጣትና ጠቅላላ የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። ሦስቱ ተደምረው ጠቅላላውን ካልሰጡ ወይ ፎቶው በደንብ አልተነበበም፣ ወይ እኛ ተሳስተናል። የወር ወጪ ስንደምር ግን የወሩን ሂሳብ ብቻ ነው የምንወስደው።

የ4ኛ ፎቅ ወጣት፦ ገባኝ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ቀኑንስ? ሁሉንም በፈረንጅ እናድርገው፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እሱን ነው።

ገንዘብ ያዡ፦ አስቸጋሪው እሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር 05/02/2018 ብለህ ብትጽፍ ጥቅምት 5 ማለትህ ነው። ኤክሴል ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የፈረንጅ 2018 አድርጎ ይቀበልሃል። 30/02/2018 ስትለው ደግሞ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ምልክቱን ልንገራችሁ። ቀን ብሎ የያዘው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ። ከሁሉ የባሰችው ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 3ን 03/13/2017 ብትል፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የተሞላ ኮምፒውተር ማርች 13 ያደርጋታል።

መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ መለየት ነው። ቢሉ ላይ እንዳለ ትጽፋለህ፣ አራተኛው ዓምድ ራሱ ይቀይረዋል፦

```
=DATE(C2+7,9,11+(MOD(C2,4)=0))+(B2-1)*30+A2-1
```

A ቀን፣ B ወር፣ C ዓመት ነው። 5፣ 2፣ 2018 ብዬ ሞከርኩት፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 አለኝ። ልክ ነው። መሃል ላይ ያለችው MOD ዘመን መለወጫ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 የሚውልበትን ዓመት ለመያዝ ነው፤ 2016 እንዲያ ነበር።

የ1ኛ ፎቅ እናት፦ የኔ መብራት የካርድ ነው ልጆቼ። ቀድሜ ነው የምከፍለው። የመጨረሻ ቀን ብሎ ነገር የለውም፣ ምን ልጻፍ?

ጸሐፊዋ፦ እማማ፣ እሱን ባዶ እንተወዋለን። የሞሉበትን ቀንና ብሩን ብቻ ይጻፉ። ካርድ በወር ሁለቴም ሦስቴም ስለሚሞላ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይሁን።

የ2ኛ ፎቅ ተከራይ፦ እንግዲያው የኪራዩንም ልጠይቅ። ጥቅምት 5 የሁለት ወር 18,000 ብር በባንክ አስገባሁ። የባንኩ መልእክት የከፈልኩበትን ቀን ነው የሚያሳየው። የስንት ወር እንደሆነ የትም አልተጻፈም።

ገንዘብ ያዡ፦ ጊዜው ያለው ውልህ ላይ ነው። በአዋጅ 1320/2016 ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው የሚከፈለው፣ ቅድሚያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። ስለዚህ ክፍያህ አንድ ይሁን እንጂ መስመሩ ሁለት ይሁን። ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 4 ብለህ 9,000፣ ከኅዳር 5 እስከ ታኅሣሥ 4 ብለህ 9,000። የተከፈለበት ቀን በሁለቱም ላይ ጥቅምት 5። ቀጣዩ መክፈያህ ታኅሣሥ 5 ነው ማለት ነው። ባንክ ስታስገባ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ወሮቹን ጻፍባት።

የ2ኛ ፎቅ ተከራይ፦ የመጀመሪያው ዘጠኝ ሺህ የጥቅምት ነው የኅዳር?

ገንዘብ ያዡ፦ በጀመረበት ወር፣ ጥቅምት።

የ4ኛ ፎቅ ወጣት፦ እኔ አልስማማም። የውሃ ቢልስ? የመስከረም ፍጆታ የሚከፈለው ጥቅምት ላይ ነው። ደሞዝ የሚያልቀው በተከፈለበት ወር ነው እንጂ በተጠቀሙበት ወር አይደለም።

ጸሐፊዋ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ረቂቁ ላይ ሁለቱንም አማራጭ አስቀምጬ ለጉባኤው እተወዋለሁ። የውዝፉና የሦስቱ የቀን ዓምዶች ጉዳይ ግን ገብቷል። ቢላቸው ላይ የሂሳቡ ጊዜ የማይነበብ ካላችሁ እስከ ሐሙስ ፎቶውን ላኩልኝ፤ ስማችሁንና የቆጣሪ ቁጥራችሁን ሸፍናችሁ።