ጥሬው ቀረጻ ሲበዛ በደቂቃ እንዴት ልተምን?

ሰላም የሙያው ሰዎች፣ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ኮዬ ፈጬ ሆኜ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ የጀመርኩ ነኝ። ዋጋ የምሰጠው ላለቀው ቪዲዮ በደቂቃ 800 ብር ነው።

አሁን የመጣልኝ የ6 ደቂቃ የምርቃት ቪዲዮ በዚህ ሂሳብ 4,800 ብር ይሆናል። ጥሬው ቀረጻ ግን በሁለት ካሜራ 4 ሰዓት ነው። እሱን ማየት ብቻ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ካሜራዎቹን ከድምፁ ጋር ማገጣጠም 1፣ መቁረጥ 9፣ ድምፅና ከለር 4፣ ማስተካከያ 4፤ በድምሩ 22 ሰዓት። በሰዓት 218 ብር ገደማ ማለት ነው። በሰዓት 350 ባስብ 7,700 ይመጣል፣ በደቂቃ ወደ 1,283። ይባስ ብሎ ደንበኛው «በ4 ደቂቃ ይለቅ» ቢለኝ ክፍያው 3,200 ይሆናል፤ ማሳጠር ደግሞ ሥራውን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ያሰብኩት ለእያንዳንዱ ያለቀ ደቂቃ 10 ደቂቃ ጥሬ ቀረጻ ፈቅጄ፣ ከዚያ ያለፈውን በሰዓት ለብቻ ማስከፈል ነው፤ ቪዲዮው ቢያጥርም የማይወርድ መነሻ ክፍያም አስቀምጣለሁ። እናንተ ይህን ዋጋ ማቅረቢያው ላይ እንዴት ትጽፉታላችሁ? ደንበኛው ቀረጻውን ሳያሳያችሁስ ዋጋ ትሰጣላችሁ?