በጎ ፈቃደኞቻችን ለምን ይበተናሉ? ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ለተማሪዎች የቅዳሜ ጥናት ድጋፍ የሚሰጥ፣ ክፍያ የመፈጸም አቅም የሌለው የአካባቢ ማኅበር አስተባባሪ ነኝ። «ማገዝ የምትፈልጉ ሁሉ ኑ» ብለን ባወጣነው ጥሪ 23 ሰዎች ቢመዘገቡም፣ በሦስተኛው ወር የቀሩት 6 ብቻ ነበሩ። የሰዎቹ ፍላጎት የቀዘቀዘ መስሎኝ ነበር፤ ካቆሙት መካከል ለዘጠኙ ስደውልላቸው ግን አምስቱ መጥተው የሚሠሩት ሥራ ስላጡ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው መመለሳቸውን፣ ሦስቱ ደግሞ መቼ እንደሚያበቃ የማይታወቅ ግዴታ እንዳስፈራቸው ነገሩኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ እጅግ አሳዝኖኛል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጥሪ ለውጠን «ለ8 ሳምንታት፣ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት፣ አራት ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት» ብለን ጻፍን፤ እያንዳንዱም አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከነባር ፈቃደኛ ጋር ተጣምሮ እንዲሠራ አደረግን። ሰባት ሰዎች መጡ፣ ሰባቱም ጊዜያቸውን ጨረሱ፤ ለቀጣዩ ዙር የቀጠሉት ግን ሁለት ብቻ ናቸው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ቁልፉን የምትይዘው፣ ስም የምትጠራውና ወላጆችን የምታነጋግረው አንዲት እህት ብቻዋን ሆና ደክማለች፤ ሥራውን ለሌላ እንድታካፍል ስንጠይቃት ደግሞ ለሌላ ሰው ማስረዳቱ ራሷ ከመሥራት ይበልጥ እንደሚከብዳት ትናገራለች።

የጊዜ ገደቡን ሳናስቀር፣ ዙሩን የጨረሱትን ወደዚህ ኃላፊነት ለማምጣት ጥያቄውን መቼ እናቅርብ፤ በስድስተኛው ሳምንት በግል ወይስ ዙሩ ሲያበቃ? ደግሞስ የትራንስፖርት ወጪን ለአንዳንዶች ብቻ መሸፈን የሌሎቹን ስሜት ይጎዳ ይሆን? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።