የቫሪያብል ስም መቀየር የተቀዳ ኮድን ይሰውራል?

ጠያቂ፦ ሁለት ተማሪዎች ኮዳቸው 78 በመቶ ይመሳሰላል ተብለው ዜሮ ተሰጣቸው። የቫሪያብሎቹ ስም ግን በሙሉ የተለያየ ነው። ማሽን ባወጣው ቁጥር መቅጣት ተገቢ ነው?

ፕሮግራመር፦ አይደለም። ሁለቱን ፋይሎች በ`diff` ብታወዳድሯቸው አብዛኛው መስመር ይለያያል። ስሙ ከተለወጠ ማሽኑ ምን ይዞ ይከሳል? የመምህሩ ጥርጣሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይመስለኝም።

ረዳት መምህር፦ ስለ `diff` የተናገሩት ልክ ነው፤ ለዚህ ሥራ የማንጠቀምበትም ስለዚሁ ነው። እኛ የምንሠራበት ሞስ ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ስታንፎርድ ላይ የሚገኝ የኮድ መመሳሰል መፈለጊያ መሣሪያ። እነዚህን ሁለት ቁራጮች ተመልከቱ፦

```
total = 0
for m in marks:
    total += m
```

```
x1 = 0
for q in lst:
    x1 += q
```

መሣሪያው ከማወዳደሩ በፊት ስም የሆነውን ሁሉ በአንድ ምልክት ይተካል፤ ባዶ ቦታንም ይጥላል። ሁለቱም ይህን ይሆናሉ፦

```
N=0forNinN:N+=N
```

ከዚያ ሰንሰለቱን በተደራራቢ አጫጭር ቁራጮች ይከፍልና ለየቁራጩ ቁጥር ያሰላል፤ ከእነዚህም የተወሰኑትን መርጦ እንደ አሻራ ይይዛል። አሻራው በፋይሉ ውስጥ የትም ቢገኝ ስለሚታወቅ የፋንክሽኖችን ቅደም ተከተል ማለዋወጥም አያዋጣም። በመካከል ትርፍ መስመር የጨመረ ሰው የተመሳሰለውን ክፍል ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ አያጠፋውም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ እኔ አልቀዳሁም፤ ጓደኛዬ ከፍላሼ ላይ ገልብጦ ወሰደብኝ። ሁለታችንም ዜሮ አገኘን። ይህን ማሽኑ ለምን አላየም?

ረዳት መምህር፦ ማን ከማን እንደወሰደ ሊያውቅ አይችልም፤ ያ የእኛ ሥራ ነው፣ አንዳንድ መምህራንም ሳይሠሩት ያልፉታል።

ፕሮግራመር፦ እሺ፣ ስም መቀየር አይሰውርም እንበል። ያ ሦስት መስመር ግን ክፍሉ ሁሉ የሚጽፈው ነው! ሁሉም ሌባ ሊባል ነው?

ረዳት መምህር፦ ለዚያ ነው መቶኛው ብቻውን ምንም የማይነግረን። ለተማሪው የሰጠነውን መነሻ ኮድ `-b` በሚለው የመሣሪያው አማራጭ ካላስገባን እሱም እንደ ስርቆት ይቆጠራል። ከ10 በላይ ፕሮግራሞች ውስጥ የተገኘን ቁራጭ መሣሪያው ካላዘዝነው በቀር ይተወዋል። እኔ የማየው እንግዳ ነገርን ነው፤ ለምሳሌ ሁለቱም `range(len(a)-1)` ብለው የመጨረሻውን ውጤት ሳይደምሩ ቀርተው፣ በኋላ በተለየ መስመር በእጅ ደምረውት ከሆነ። ትክክለኛ መልስ ሊገጣጠም ይችላል፤ እንዲህ ያለ ስሕተትና ጥገናው አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን ተማሪዎቹን ጠርቼ እጠይቃለሁ። ጠያቂው ሁለቱ ኮዶች ጎን ለጎን የታዩበትን ገጽ ይጠይቁ፤ መነሻ ኮዱ ተቀንሶ እንደሆነም ጭምር።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ እኔም ተጠርቼ ነበር። ደንግጬ የራሴን ኮድ ማስረዳት አቃተኝ፤ ይህም እንደ ማስረጃ ተያዘብኝ።

ፕሮግራመር፦ እንግዲህ ለዚህ ምን ትላላችሁ?